ኮምፖዚት ቻርት በእጅ ሲሠራ፦ ከየካ አባዶ ባልና ሚስት ጋር አንድ በአንድ

ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች የኮከብ ቆጠራ ቻርት፣ ማለትም ሲወለዱ ፕላኔቶች የነበሩበትን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል፣ ሊያሳዩ ሲመጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «እንስማማለን ወይ?» ጥያቄው ግን ሁለት ነው። እሷ እሱን ምን ታደርገዋለች፣ እሱስ እሷን? ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚፈጠረው ቤት፣ ያ «እኛ» የሚሉት ነገር፣ ራሱ ምን ዓይነት ጠባይ አለው የሚለው ነው። ለመጀመሪያው የሚሠራው ሲናስትሪ ሲሆን ለሁለተኛው ኮምፖዚት ቻርት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አደባልቆ ስለሚያነብ ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

ሲናስትሪ ሁለት የልደት ቻርቶችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ማየት ነው። አዲስ ቻርት አይሠራም፤ የእሷ ሳተርን የእሷ፣ የእሱ ፀሐይ የእሱ እንደሆኑ ይቆያሉ። የምናየው በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ነው። ስለዚህ ባለቤትና አቅጣጫ አለው፤ «የእሷ ይህ በእሱ በዚያ ላይ አረፈ» ይባላል። በኮምፖዚት ግን የሁለቱ ፀሐይ መካከለኛ ነጥብ አንድ ፀሐይ ይሆናል፣ የሁለቱ ጨረቃ መካከለኛ ነጥብ አንድ ጨረቃ ይሆናል፣ እንዲህ እያለ አንድ ቻርት ይወጣል። በዚህ ቻርት ላይ ያለው ማርስ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የግንኙነቱ ነው።

አሠራሩን የማሳየው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚኖሩ ባልና ሚስት ነው። ስማቸውን ትቼዋለሁ። እሷ ግንቦት 10 ቀን 1986 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተወልዳለች፤ የሆስፒታል ካርድ አላት። እሱ የተወለደው ሱሉልታ አካባቢ እቤት ውስጥ ሲሆን የቀበሌ ወረቀቱ የሚለው የካቲት 20 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱን እናቱ ናቸው የሚያውቁት፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት።

አንደኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ማጥራት

ስህተት በብዛት የሚገባው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

ቻርት የሚያወጡት ሶፍትዌሮች የሚፈልጉት በአውሮፓ አቆጣጠር ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ሰዓት ነው። የእሷ ቀላል ነው፤ ግንቦት 10 ቀን 1986 ማለት ሜይ 18 ቀን 1994፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት 9:00 ነው። የሰዓት ቀጠናው ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በክረምትና በበጋ የሚቀያየር ሰዓት የለንም። ቀን ስትቀይሩ ልብ የሚባለው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ያለ ቀሪ የሚያልቅ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ 1984 ወይም 1988። በእነዚህ ዓመታት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ከተለመደው በአንድ ቀን ይዘገያል። የእነዚህ ባልና ሚስት ዓመታት ከዚያ ውጭ ናቸው።

የእሱ ግን ቀኑ ከወረቀት ላይ ተነሥቶ የሚገባ አይደለም። የካቲት 20 ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1990 ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓትም 2:00 ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ያለ ምንም ተቃውሞ ቻርት ያወጣል። ነገር ግን በእኛ አነጋገር «የካቲት 20 ሌሊት» ሲባል ብዙ ጊዜ የ20 ቀን ከመሸ በኋላ ያለው ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ 21 ገብቷል። ስለዚህ ሰዓቱን ጠይቃችሁ አትቁሙ፤ አጥቢያውን ጠይቁ።

እናቱን «እማማ፣ ለየትኛው ቀን አጥቢያ ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው ሳያስቡ መለሱ፦ «ለማርያም አጥቢያ ነዋ! ሁዳዴ ጾም ገብቶ፣ ማርያምን እየጠራሁ አይደል የወለድኩት።» ማርያም በ21 ነው። ስለዚህ ልደቱ በወረቀት የካቲት 20 ቢባልም በሶፍትዌሩ መግባት ያለበት ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1990፣ 2:00 ነው። ሌላ ማጣሪያ ከፈለጋችሁ የሳምንቱን ቀን ጠይቁ፤ ፌብሩዋሪ 28 ረቡዕ ነበር፣ ስለዚህ «ለረቡዕ አጥቢያ» መባል አለበት። እናቶች ቁጥሩን ቢረሱ እንኳ የወሩን በዓልና የሳምንቱን ቀን አይረሱም።

በአንድ ቀን ልዩነት ፀሐይ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ትንቀሳቀሳለች። ጨረቃ ግን በቀን ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ትሄዳለች። በፌብሩዋሪ 27 ሌሊት ጨረቃ በሑት 29 ዲግሪ ላይ ነበረች፤ በፌብሩዋሪ 28 በዚያው ሰዓት በሐመል 14 ዲግሪ ገደማ። ይህ ኮምፖዚቱን ምን እንደሚያደርገው ወደ ኋላ እናየዋለን።

አንድ ነገር በመሃል ላንሣ። በአገራችን የቆየው ኮከብ ቆጠራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ በ12 የሚገድፍ ነው፤ የልደት ሰዓት አይፈልግም። የኮከቦቹ ስም አንድ ስለሆነ ሰው ይደናገራል። በስም ቆጠራ «ኮከብህ አሰድ ነው» የተባለ ሰው በልደት ቻርቱ ፀሐዩ ሑት ላይ ብትገኝ አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ የሚቆጥሩት ነገር ለየቅል ነው። እዚህ የምንሠራው በሁለተኛው ነው።

ሁለተኛ፦ መካከለኛውን ነጥብ ማግኘት

ሶፍትዌሩ `Composite` የሚለውን ስትመርጡ ራሱ ያሰላዋል። እኔ ግን ቢያንስ ፀሐይንና ጨረቃን በእጅ ማስላትን እመክራለሁ፤ የት እንደሚሳሳት የሚታየው ያኔ ነው።

በመጀመሪያ የኮከቡን ዲግሪ ወደ 360 ዲግሪ ክብ ቀይሩት። ሐመል ከ0 ይጀምራል፣ ሠውር ከ30፣ ገውዝ ከ60፣ ሸርጣን ከ90፣ አሰድ ከ120፣ ሰንቡላ ከ150፣ ሚዛን ከ180፣ ዐቅራብ ከ210፣ ቀውስ ከ240፣ ጀዲ ከ270፣ ደለዊ ከ300፣ ሑት ከ330። የእሱ ፀሐይ በሑት 9 ዲግሪ ስለሆነ 339 ነው። የእሷ በሠውር 27 ስለሆነ 57 ነው። ደምሮ ለሁለት ማካፈል፦

```
(339 + 57) / 2 = 198
198 - 180 = 18
```

198 ማለት በሚዛን 18 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ የቆመ ሰው የባልና ሚስቱን ፀሐይ ፍጹም ተቃራኒው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ምክንያቱም በክብ ላይ ማንኛውም ሁለት ነጥብ ሁለት መካከለኛ አለው፤ አንዱ በአጭሩ ቅስት፣ ሌላው በረጅሙ። ኮምፖዚት የሚወስደው በአጭሩ በኩል ያለውን ነው። መመሪያው፦ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ180 ከበለጠ ባገኛችሁት ላይ 180 ጨምሩ ወይም ቀንሱ። እዚህ 339 ሲቀነስ 57፣ 282 ነው። ስለዚህ 180 ቀንሰን 18፣ ማለትም ሐመል 18 ዲግሪ አገኘን። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከሑት 9 እስከ ሐመል 18፣ 39 ዲግሪ ነው፣ ከሐመል 18 እስከ ሠውር 27ም 39 ነው።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹም ይወጣሉ። የእሱ ጨረቃ በሐመል 14 ገደማ፣ የእሷ በአሰድ 23 ተኩል ናት፤ የኮምፖዚቱ ጨረቃ በገውዝ 18 ተኩል ላይ ይወድቃል። የእሱ ቬነስ በጀዲ 27 ተኩል፣ የእሷ በገውዝ 26 ተኩል፤ ኮምፖዚቱ ሐመል 12። የእሱ ማርስ በጀዲ 21፣ የእሷ በሐመል 26፤ ኮምፖዚቱ ሑት 8 ተኩል። የእሱ ሳተርን በጀዲ 22፣ የእሷ በሑት 11፤ ኮምፖዚቱ ደለዊ 16 ተኩል። ለጀማሪ እነዚህ አምስቱ ይበቃሉ።

በሁለት ሰው ፀሐይ መካከል ያለው ልዩነት ከ180 ዲግሪ ጋር በጣም ከተቀራረበ፣ ለምሳሌ 178 ወይም 181 ከሆነ፣ ተጠንቀቁ። ያኔ በአንድና በሁለት ዲግሪ ልዩነት ብቻ መካከለኛው ነጥብ ወደ ክቡ ማዶ ይዘላል። እንዲህ ያለውን ነጥብ እኔ እንደ መስመር ነው የማየው፤ ሁለቱንም ጫፍ እይዛለሁ፣ በኮከቡ ስም ግን አልተረጉመውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በእውነተኛው ሰማይ ላይ ቬነስ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ፣ ሜርኩሪ ደግሞ ከ28 ዲግሪ በላይ አይርቁም። በኮምፖዚት ግን ቬነስ ከፀሐይ ፊት ለፊት ልትገኝ ትችላለች። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ይህ ቻርት በየትኛውም ቀንና ሰዓት የታየ ሰማይ ስላልሆነ ነው። በዚሁ ምክንያት በኮምፖዚት ላይ «ወደ ኋላ የሚሄድ ፕላኔት» የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። እውነተኛ ሰማይ የሚፈልግ ሰው ዴቪሰን የሚባለውን ይጠቀማል፤ እንግሊዛዊው ኮከብ ቆጣሪ ሮናልድ ዴቪሰን ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የሁለቱን የልደት ጊዜና የሁለቱን የልደት ቦታ መካከለኛ ወስዶ ለዚያ ቅጽበት ቻርት ያወጣል። የመካከለኛ ነጥቡ ኮምፖዚት በስፋት የታወቀው በ1970ዎቹ በአሜሪካ ሲሆን ጆን ታውንሊና ሮበርት ሃንድ በዋናነት ይጠቀሳሉ። በሶፍትዌር ዝርዝር ላይ `Composite` እና `Davison` ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ የትኛውን እንደነካችሁ እዩ፤ የሚሰጡት ቻርት አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ ሲናስትሪውን ማንበብ

የባልና ሚስቱን ሁለት ቻርት ስንደርብ ሦስት ጠንካራ ነገር ይወጣል። የእሱ ቬነስ (ጀዲ 27 ተኩል) ከእሷ ፀሐይ (ሠውር 27) ጋር 120 ዲግሪ ሊሞላ ግማሽ ዲግሪ ነው የቀረው፤ በኮከብ ቆጣሪዎች አነጋገር እሷ እሷነቷን ስትሆን እሱ ደስ ይለዋል፣ መውደዱ ብዙ ጥረት አይጠይቀውም። የእሷ ማርስ (ሐመል 26) ደግሞ ከዚሁ ከእሱ ቬነስ ጋር በ90 ዲግሪ ይጋጫል፤ መሳሳቡም መነካካቱም አለ።

ሦስተኛው ከባድ ነው። የእሷ ሳተርን በሑት 11፣ የእሱ ፀሐይ በሑት 9። ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው ልዩነታቸው። ሳተርን የሚለካ፣ የሚገድብ፣ ኃላፊነት የሚጭን ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ማንነት። በዚህ አነባበብ እሱ በእሷ ፊት ሲቆም እንደሚመዘን ይሰማዋል፤ እሷ ደግሞ «እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል» ትላለች። ሲጠየቁ ሁለቱም ሳቁ። የቤቱን ወጪ ደብተር የምትይዘው እሷ ናት፤ እሱ ለታክሲ ያወጣውን ሳይቀር ይናገራል። አቅጣጫውን ልብ በሉ። የእሱ ሳተርን በእሷ ፀሐይ ላይ የለም፤ ክብደቱ የሚሄደው ወደ አንድ ወገን ነው። ይህን ሊያሳይ የሚችለው ሲናስትሪ ብቻ ነው።

ሲናስትሪውን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው «ይህ ትዳር ይከብዳል» ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል።

አራተኛ፦ ኮምፖዚቱን ለብቻው ማንበብ

አሁን ሁለቱን የልደት ቻርት ከጠረጴዛው ላይ አንሡ። ኮምፖዚቱን እንደ አንድ ሰው ቻርት አንብቡት፤ ሰውየው ግን ትዳሩ ነው።

ፀሐይ ሐመል 18፣ ቬነስ ሐመል 12። ስድስት ዲግሪ ስለሆነ አብረው ናቸው። ባል ፀሐዩ ሑት፣ ሚስት ፀሐይዋ ሠውር ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸውም የሐመል ፀሐይ የላቸውም። ትዳራቸው ግን አለው። አብረው ሲሆኑ ነገር የሚጀምሩ፣ ፍቅራቸውን የማይደብቁ፣ ቶሎ የሚነሡ ሆነው ይነበባሉ። ለየብቻ ያላያችሁባቸውን ጠባይ አንድ ላይ ሲሆኑ ካያችሁ ኮምፖዚቱ የሚፈልገው ያንን ነው።

ያ ከባዱ ሳተርንስ? በኮምፖዚቱ ደለዊ 16 ተኩል ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጋር ከ60 ዲግሪ ማዕዘን ከሁለት ዲግሪ ባነሰ ልዩነት ቆሟል፤ ይህ የሚደግፍ ማዕዘን ነው። በሲናስትሪ የሚጫነው ሳተርን በትዳሩ ቻርት ላይ ምሰሶ ይሆናል። ከአብሮ አደጎች ጋር የገቡበትን ዕቁብ ሳያቋርጡ ይጥላሉ፣ የቤቱን ዕዳ በወር በወሩ ይከፍላሉ። ሁለቱ ንባብ አይጣረሱም። እሱ በእሷ መመዘኑ ይከብደዋል፤ ቤቱ ደግሞ በዚያው ሥርዓት ቆሟል። አንዱን «እውነተኛው» ብላችሁ ሌላውን አትሰርዙ፤ የመጀመሪያው ስለ ሁለት ሰው ስሜት፣ ሁለተኛው አብረው ስለሚሠሩት ነገር ነው የሚናገረው።

ማዕዘን ስትቆጥሩ ጠበብ አድርጉ። እኔ ለመገናኘት፣ ለ90፣ ለ120 እና ለ180 ከ6 ዲግሪ በላይ አልፈቅድም፣ ለ60 ደግሞ 3። በኮምፖዚት ላይ ሰፊ ልዩነት ከተፈቀደ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ተያይዞ ያርፋል።

አሁን ወደ አጥቢያው እንመለስ። ቀኑ በወረቀቱ መሠረት ፌብሩዋሪ 27 ተብሎ ቢገባ ኖሮ የኮምፖዚቱ ጨረቃ ገውዝ 11፣ ማርስ ሑት 8 ይሆኑ ነበር። ልዩነታቸው 93 ዲግሪ ነው፤ የ90 ግጭት ተብሎ «ቤታቸው ውስጥ ቁጣ አይጠፋም» ተብሎ ይነበብ ነበር። በትክክለኛው ቀን ግን ጨረቃ 18 ተኩል፣ ማርስ 8 ተኩል ስለሆኑ 100 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ግጭቱ የለም። በምትኩ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር በ60 ዲግሪ ትገጥማለች፣ ልዩነቱም አንድ ዲግሪ አይሞላም። የቤቱ ስሜትና የቤቱ ዓላማ አንድ ነገር ይላሉ፤ ጨረቃ ገውዝ ላይ ስለሆነች ደግሞ ይህ የሚሆነው በወሬ ነው። የሚኮራረፉ ሳይሆኑ ሌሊቱን ሲያወሩ የሚያድሩ ዓይነት። አንድ «ለማርያም አጥቢያ» የሚል ቃል የንባቡን ግማሽ ለወጠው።

የአንዱ የልደት ሰዓት ጭራሽ የማይታወቅ ከሆነ ለእኩለ ቀን አስሉና የኮምፖዚቱን ጨረቃ በግራና በቀኝ ሦስት ተኩል ዲግሪ ያህል ስፋት ስጡት። የአንድ ሰው ስህተት በመካከለኛ ነጥብ ላይ በግማሽ ስለሚቀንስ ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ የማይቆም ማዕዘን ካለ አትጠቀሙበት። ፀሐይ፣ ቬነስ፣ ማርስና ሳተርን ግን ብዙም አይነኩም።

ቤቶችን፣ ማለትም ቻርቱ የሚከፈልባቸውን 12 ክፍሎች፣ እና በልደት ሰዓት በምሥራቅ በኩል የሚወጣውን መውጫ ኮከብ በተመለከተ አጭር ልሁን። ሁለት አሠራር አለ፤ አንዱ የሁለቱንም የቤት መነሻ ነጥቦች መካከለኛ ይወስዳል፣ ሌላው የሰማይ አናቱን ብቻ መካከለኛ ወስዶ መውጫውን ባልና ሚስቱ ለሚኖሩበት ቦታ ኬክሮስ፣ ለአዲስ አበባ ዙሪያ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ ያሰላል። መውጫው በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚሄድ የሁለቱም ሰዓት በወረቀት ካልተረጋገጠ የሁለቱም አሠራር ውጤት አያስተማምንም። ለእነዚህ ባልና ሚስት ቤት አላነበብኩም፤ የእናትየው «8 ሰዓት» 7 ተኩልም ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ ኮምፖዚቱን መልሶ ከሁለቱ ሰዎች ጋር ማገናኘት

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ኮምፖዚቱ ከተነበበ በኋላ የልደት ቻርቶቹን መልሳችሁ አምጡና የትዳሩ ፕላኔት ከሁለቱ በማን ላይ እንዳረፈ እዩ። የትዳሩ ማርስ ሑት 8 ተኩል ላይ ነው። የባል ፀሐይ ሑት 9 ላይ ነው። ስለዚህ ትዳሩ መንቀሳቀስ፣ መከራከር፣ መሮጥ ሲኖርበት የሚገፋው እሱ ነው። የወረዳ ጉዳይ የሚያስፈጽመው፣ ውኃ ሲጠፋ ሮቶውን ሊያስሞላ የሚወርደው፣ ከጎረቤት ጋር ለመነጋገር የሚላከው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ሚስት ወደ ባሏ ጠቆመች፤ ባል ደግሞ «ትእዛዙ ግን ከላይ ነው» አለ። የእሷ ሳተርንም እዚያው ሑት 11 ላይ፣ ከትዳሩ ማርስ ሁለት ዲግሪ ተኩል ብቻ ርቆ ተቀምጧልና መልሱ ከቻርቱ ጋር ይሄዳል።

የሰማይ እንቅስቃሴም በኮምፖዚቱ ላይ ይቆጠራል። ሳተርን አሁን ሐመል ውስጥ የሚያልፍበት ዘመን ነው፤ በሚያዝያ 2019 ዓ.ም. አካባቢ ሐመል 18 ላይ፣ ማለትም በዚህ ትዳር ፀሐይ ላይ ይደርሳል። በባልም በሚስትም የልደት ፀሐይ ላይ በዚያን ጊዜ የሚያልፍ ሳተርን የለም። ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ ቻርታቸውን ቢያሳዩ የየፀሐያቸው ንባብ «ምንም የለም» ይላል፤ ትዳሩ ግን ፈተና ላይ ነው ይባላል፤ የኃላፊነት መጨመር፣ የውል ነገር፣ የቤት ጉዳይ። ይህ በሳይንስ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ የምልክት አነባበብ ነው፤ ሰው በዚህ ተነሥቶ ጋብቻ ማፍረስም ብድር መፈረምም የለበትም። እኔ ለባልና ሚስቱ የነገርኳቸው በዚያ ሚያዝያ የወጪ ደብተሩን ሁለቱም አብረው እንዲይዙት ነው። እሷ ለአንድ ወር ብቻ ልሞክረው አለች።